ድምፃዊውን ከማሲንቆው መለየት፦ የሚወጣውና የማይወጣው

ጥያቄ፦ «እህቴ በሚቀጥለው ወር ታገባለች። አባታችን የሚወዱት አንድ የድሮ ዘፈን አለ፤ ድምፃዊ፣ ማሲንቆና ከበሮ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ስለሆንኩ በዚያው ሙዚቃ ልዘፍንላት ብዬ በስልክ አፕ ድምፁን ለየሁት። የወጣው ድምፅ ውሃ ውስጥ የሚዘፍን ሰው ይመስላል፣ ማሲንቆውም አብሮት ወጥቷል። ሙዚቃው ላይ ደግሞ የድምፃዊው ጥላ ይሰማል። የተሻለ ፕሮግራም ብጠቀም ጥርት ብሎ ይለያል ወይስ አልደክም?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ቁርጡን ልንገርህ። የድምፃዊውን ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው እንደተቀረፀ አድርገህ ከዚህ ዘፈን አታወጣውም። በየትኛውም ፕሮግራም። አንተ የምትዘፍንበት ሙዚቃ ግን ይወጣል፣ ያውም ደህና ሆኖ፣ ትንሽ በእጅህ ከሠራህበት። የሁለቱ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ከገባህ የት ላይ መድከም እንዳለብህ፣ የት ላይ መተው እንዳለብህ ራስህ ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር አስብ። ሁለት ሰዎች አንድ ቦርሳ ውስጥ ብር አስቀመጡ። ከፍተህ ስትቆጥር 700 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የማን ነው? ቦርሳውን ብቻ አይተህ ልታውቅ አትችልም። የሰዎቹን ጠባይ ካወቅክ ግን ትገምታለህ። አንደኛው ሁልጊዜ መቶ መቶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሌላው ዝርዝር ነው የሚይዘው ብለህ ትከፋፍለዋለህ። ብዙ ጊዜ ልክ ትሆናለህ። ሁለቱም መቶ መቶ የሚያስቀምጡ ከሆነ ግን ግምትህ ባዶ ነው።

ሚክስ የተደረገ ዘፈን ቦርሳው ነው። የሰው ድምፅ፣ ማሲንቆውና ከበሮው ተደምረው አንድ ሞገድ ሆነዋል። ፕሮግራሙ የተደበቀ ትራክ አግኝቶ አይደለም የሚያወጣልህ። በጣም ብዙ ዘፈኖች ላይ ሰልጥኖ የሰው ድምፅ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ ከበሮ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ተምሯል። ከዚያ በየቅፅበቱ፣ በየድግግሞሹ፣ ማለትም በየድምፁ ቅጥነትና ውፍረት፣ «ይሄ ለድምፃዊው፣ ይሄ ለሙዚቃው» እያለ ያካፍላል። ስለዚህ የሚወጣው ነገር ሁሉ ግምት ነው። ጥሩ ግምት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የሚያስደንቅ፣ ግን ግምት።

ድሮ የነበረው ዘዴ ሌላ ነበር። ድምፃዊው ብዙ ጊዜ መሀል ላይ፣ በግራና በቀኝ እኩል ሆኖ ስለሚቀመጥ ግራውን ከቀኙ ስትቀንሰው ይጠፋል። ችግሩ ቤዙም ከበሮውም መሀል ላይ ናቸው፣ አብረው ይጠፋሉ። ያንተ ዘፈን ደግሞ ከሞኖ ካሴት የተቀዳ ከሆነ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆኑ ስትቀንሳቸው የሚቀርህ ዝምታ ነው። አሁን ያሉት ፕሮግራሞች በዚህ ላይ ብቻ ስለማይመረኮዙ ሞኖ ላይም ይሠራሉ። የግራና የቀኝ ልዩነት ግን ለእነሱም ትልቅ ፍንጭ ነበር፣ ሞኖ ካሴት ላይ ያንን ፍንጭ ያጣሉ።

አሁን ወደ ማሲንቆው እንምጣ፤ የጥያቄህ ልብ እሱ ነው።

ድምፃዊው 220 ኸርዝ ላይ አንድ ኖታ ያዘ እንበል። ከጉሮሮው የሚወጣው 220 ብቻ አይደለም። 440፣ 660፣ 880 እያለ ወደ ላይ የሚሄድ መሰላል ነው። ማሲንቆው ያንኑ ኖታ ሲይዝ የእሱም መሰላል 220፣ 440፣ 660፣ 880 ነው። እርከን በእርከን ይገጥማሉ። የማሲንቆ ተጫዋች ደግሞ ሥራው ምንድን ነው? ድምፃዊውን መከተል። ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፣ ድምፃዊው ሲያንቀጠቅጥ ጣቱ ያንቀጠቅጣል። ሁለቱም መቶ መቶ ነው የሚያስቀምጡት።

ፕሮግራሙ የሰው ድምፅን ከፒያኖ የሚለይበት አንዱ ትልቅ ምልክት ድምፅ ከአንድ ኖታ ወደ ሌላው መንሸራተቱ ነው፣ መርገብገቡ ነው፣ አንድ ኖታ ላይ ቆይቶ እየጎላና እየሳሳ መሄዱ ነው። ፒያኖ ይህን አያደርግም፣ ከተመታ በኋላ እየሞተ ብቻ ነው የሚሄደው። ማሲንቆ ግን በደጋን የሚገዘገዝ አንድ ጭራ ነው፣ ሁሉንም ያደርጋል። በዚያ ላይ እነዚህ ፕሮግራሞች የሰለጠኑበት ሙዚቃ በአብዛኛው የምዕራቡ ፖፕና ሮክ ነው። በዚህ ዘርፍ በጣም የሚታወቀው የማሰልጠኛ ስብስብ MUSDB18 ይባላል። 150 ዘፈኖች አሉት፣ ሁሉም በአራት ተከፍለው፦ የሰው ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝ፣ «ሌላ»። ማሲንቆ የሚባል ሳጥን የለም። «ሌላ» ውስጥ መግባት ነበረበት፣ ጠባዩ ግን የሰው ድምፅ ስለሆነበት ፕሮግራሙ ወደ ድምፃዊው ይወስደዋል። በድሮዎቹ የባንድ ዘፈኖች ሳክስፎን ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ብቻውን ሲነፋ ድምፃዊ ነው ብሎ ይይዘዋል።

ስለዚህ ማሲንቆው አብሮ የወጣው አፑ መናኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የተሻለ ፕሮግራም ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም።

ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስለው ደግሞ እንዲህ ነው። ከፍ ባሉት ድግግሞሾች ላይ የድምፃዊው ጉልበት ትንሽ ነው፣ የካሴቱ ሽሽታ ብዙ ነው። ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ሲያመነታ አንዴ ያሳልፋል፣ አንዴ ይዘጋል፣ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ጆሮህ ይህን መከፈትና መዘጋት እንደ ፍልቅልቅታ ይሰማዋል። «ሰ»ና «ሸ» ላይ ጆሮህን ጥለህ አዳምጥ፤ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም ከሽሽታ ብዙም አይለዩም። እኔ ብዙ ጊዜ የምሰማው ሌላ ነገር አለ። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ከከበሮው ምት ጋር በአንድ ቅፅበት ሲወድቁ መነሻቸው ይቆረጣል። አጭርና ኖታ የሌለው ፍንዳታ ስለሆኑ ከምቱ ጋር ተቆጥረው ወደ ሙዚቃው ይሄዳሉ። «ጠጅ» ያለው ድምፃዊ «አጅ» ያለ ይመስልሃል።

ምን ላድርግ ላልከው፣ ከመነሻው ፋይል ጀምር። ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው።

ዘፈኑን ከዩቲዩብ አውርደህ ወደ ኤምፒ3 ቀይረህ ከሆነ ሁለት ጊዜ ተጨምቋል። ዩቲዩብ ራሱ ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው፣ አንተ ደግመህ ጨመቅከው። መጭመቅ ማለት ጆሮ ብዙም አይሰማውም የተባለውን መጣል ነው። የሚጣለው ደግሞ በሌላ ድምፅ ስር የተሸፈነው ነው። ለፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ያ የተሸፈነው ነበር። ሁለቱ ሲለያዩ ሽፋኑ ይነሳል፣ ቀዳዳው ይታያል። አባትህ ጋ ካሴቱ ካለ ደህና ቴፕ ፈልገህ፣ ሄዱን በአልኮል ጠርገህ፣ ከላይን አውት ወይም ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ቅዳው። በዌቭ አስቀምጠው። ስትቀዳ ድምፁ ጣሪያ እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ የተቆረጠ ሞገድ ፕሮግራሙን ያሳስተዋል፣ ያኔ የሚሻሻል ነገር አይኖርም። ሽሽታውን መጀመሪያ አጥራው የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። ሽሽታ ማጥሪያ ስትጠቀም የድምፁን ጫፍ አብሮ ይበላል። መጀመሪያ ለይ፣ ማጽዳቱ በኋላ ይደርሳል።

ካሴት ከሌለ ዩቲዩብ የሰጠህን እንዳለ፣ ሳትቀይረው ያዝና አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ዌቭ ፍታው።

ፕሮግራሙን በተመለከተ እኔ የምጠቀመው ዲሙክስ ነው። የፌስቡክ የምርምር ክፍል የሠራው ነው፣ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተርህ ላይ ይሠራል። ትእዛዝ መጻፍ ካልፈለግክ Ultimate Vocal Remover የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ በቁልፍ እየነካህ ይኸንኑ ዲሙክስንና ሌሎችንም ያሠራልሃል። በትእዛዝ ከሆነ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦

```
ffmpeg -i kasset.wav -ar 44100 -ac 2 -af volume=-3dB zefen.wav
demucs --two-stems=vocals -n htdemucs_ft --float32 zefen.wav
```

የመጀመሪያው መስመር ffmpeg በሚባለው ነፃ የድምፅና የቪዲዮ መቀየሪያ ፋይሉን ያስተካክልና ድምፁን በ3 ዴሲቤል ዝቅ ያደርገዋል። ምክንያት አለው። ከተለዩት አንዱ ጣሪያውን ካለፈ ዲሙክስ ያንን ብቻ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ሁለቱ ፋይሎች እርስ በርስ አይመዛዘኑም፣ በኋላ የምነግርህ ፈተና ይበላሻል። ሁለተኛው መስመር ይለያል። ሲጨርስ `separated` የሚል ፎልደር ውስጥ `vocals.wav` እና `no_vocals.wav` ታገኛለህ። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ይህኛው ሞዴል ቀርፋፋ ነው። ለአምስት ደቂቃ ዘፈን ግማሽ ሰዓት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ቢወስድ አትደንግጥ፣ ቡና አፍላ።

አሁን አንድ የሠራሁትን ልንገርህ፣ ካንተ ጋር ስለሚመሳሰል። አንድ ቤተሰብ ካሴት ይዘውልኝ መጡ። ድምፃዊ፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ከኋላ የሚቀበሉ ሁለት ሦስት ሰዎች። ሞኖ ነው። ርዝመቱ አምስት ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። ፍላጎታቸው እንዳንተው ነበር፣ ልጃቸው ሊዘፍንበት።

ለይቼ መጀመሪያ የከፈትኩት `vocals.wav`ን ነው። የሰማሁት ግን ድምፃዊው የሚዘፍንበትን ቦታ አልነበረም። ዘፈኑ ሲጀምር 38 ሰከንድ ያህል ማሲንቆው ብቻውን ነው። ሰው የለም። ስለዚህ የድምፅ ፋይሉ እዚያ ላይ ፀጥ ማለት ነበረበት። አላለም። ማሲንቆው ቁልጭ ብሎ እዚያ ተቀምጧል፣ ከበሮው ብቻ ነው የሄደው። ድምፃዊው ሲገባ ደግሞ ማሲንቆው ወደ ሙዚቃው ፋይል ዞረ፣ ግን በከፊል። ረጅም ኖታ ላይ ሁለቱ አብረው ሲያርፉ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይዘላል።

ይህ ነው ጥሩ ፈተና። ሰው የማይዘፍንበትን ቦታ በድምፅ ፋይሉ ውስጥ አዳምጥ። ሰው በሚዘፍንበት ቦታ ጆሮህ ይታለላል፣ ድምፁን ስለምታውቀው የጎደለውን ራስህ ትሞላዋለህ። ባዶ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግን ምን እንደፈሰሰ ራቁቱን ታገኘዋለህ። እዚያ ላይ ማሲንቆ ከሰማህ ድምፃዊው ሲዘፍንም ከጀርባው እንዳለ እርግጠኛ ሁን።

ከዚያ ሌላ ፈተና አለ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ `zefen.wav`ን፣ `vocals.wav`ን እና `no_vocals.wav`ን ሦስቱንም እኩል አስነስተህ አስቀምጥ። የመጀመሪያውን `Invert` በሚለው ገልብጠው። ሦስቱን አንድ ላይ ስታጫውት የሁለቱ ድምር ከዋናው ይቀነሳል፣ የምትሰማው በመለየቱ መሀል የጠፋውን ነው። በኔ ካሴት ላይ የቀረው በጣም ደካማ ሽሽታና የከበሮ ጫፍ ጫፍ ነበር። ጥሩ ነው። ግን ይህን ተጠንቅቀህ ተረዳው፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ትንሽ ቀረ ማለት ምንም አልጠፋም ማለት ነው እንጂ ሁሉም በየቦታው ገባ ማለት አይደለም። ማሲንቆው ሙሉ በሙሉ ድምፃዊው ውስጥ ቢገባም ድምሩ ያው ነው። 700 ብሩን እንዴትም ብትከፍለው ስትደምረው 700 ነው። ትክክል መከፈሉን የሚነግርህ የመጀመሪያው ፈተና ነው።

ሙዚቃውን ያዳንኩት በፕሮግራም አይደለም፣ በመቁረጥ ነው። ያን 38 ሰከንድ ከተለየው ፋይል ለምን እወስዳለሁ? ሰው የለበትም! ዋናው ካሴት እዚያ ላይ ንፁህ ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ድምፃዊው በሌለበት ሁሉ ዋናውን አስቀመጥኩ፣ መግቢያውን፣ በስንኞቹ መሀል ማሲንቆው የሚመልስባቸውን፣ መጨረሻውን። ድምፃዊው በሚዘፍንበት ብቻ `no_vocals.wav`ን አስገባሁ። መገናኛው ላይ 30 ወይም 40 ሚሊሰከንድ ያህል አንዱ እየወጣ ሌላው እንዲገባ አደረግኩ፣ አለዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል። መቁረጫውን የከበሮ ምት ላይ ካደረግከው ጆሮ አያገኘውም። ከአምስቱ ደቂቃ ሁለቱ ያህል በዚህ መንገድ እንዳለ፣ ምንም ሳይነካ ቀረ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ድምፃዊው አፉን ሲዘጋ ድምፁ ወዲያው አይጠፋም። የክፍሉ ማስተጋባት አለ፣ ኤኮ የተጨመረበትም ከሆነ ጅራቱ ይረዝማል። ቶሎ ወደ ዋናው ከተመለስክ የመጨረሻው ቃል ጅራት «...ዬ» ብሎ ብቅ ይላል። ትንሽ ቆይተህ ተመለስ፣ ጅራቱ እስኪሞት። እኔ ግማሽ ሰከንድ የጠበቅኩበት ቦታ ነበር።

ያንተ «ጥላ» ያልከውም በአብዛኛው ይኸው ጅራት ነው። ድምፁ ራሱ ጠንካራ ነው፣ ፕሮግራሙ ያውቀዋል፣ ይወስደዋል። ማስተጋባቱ ግን የተበተነ ነው፣ ተነባቢ የለውም፣ ከማሲንቆው ማስተጋባት ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ ሙዚቃው ውስጥ ይቀራል። የሰው መልክ የሌለው የሰው ድምፅ ሆኖ ይሰማሃል።

ይህን ጥላ ለማጥፋት ብዙ ሰው የተለየውን ሙዚቃ መልሶ ፕሮግራሙ ውስጥ ይከተዋል፣ ደግሞም ያስገባዋል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጥላው ትንሽ ይሳሳል፣ ማሲንቆው ግን አብሮ ይሳሳል፣ ምክንያቱም አሁን «የሰው ድምፅ ይመስላል» ብሎ የሚያገኘው ዋናው ነገር ማሲንቆው ነው። ተወው። አንተ ስትዘፍንበት ጥላው ይሸፈናል። ያንኑ ግጥም፣ በዚያው ዜማ፣ በዚያው ቦታ ላይ ነው የምትዘፍነው፤ ያንተ ድምፅ በትክክል የእሱ ጥላ ላይ ይወድቃል። ለብቻው ስትሰማው የሚያሳፍር የነበረ ሙዚቃ ዘፋኝ ሲገባበት ደህና የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ ቤተሰቡን ያሰማሁት ልጁ ከዘፈነበት በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት አላሰማሁም።

ድምፃዊውን ብቻ ነጥለህ ማውጣት የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ የሚሸፍነው የለም። ትልልቆቹ የሠሩትን ማየት ይጠቅማል። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት «ናው ኤንድ ዜን» ላይ ያለው የጆን ሌነን ድምፅ የተወሰደው በ1970ዎቹ ቤቱ ፒያኖ እየመታ በካሴት ከቀዳው ነው። በ1995 ሞክረውት ድምፁን ከፒያኖው መለየት ስላቃታቸው ተዉት። በኋላ የፊልም ሠሪው የፒተር ጃክሰን ቡድን በሠራው ፕሮግራም ለዩት። ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ የተለየው ከፒያኖ ነው፣ ከማሲንቆ አይደለም፤ እየሞተ ከሚሄድ መሳሪያ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ድምፁን ራቁቱን አልተዉትም፤ ቤዝ፣ ድራም፣ ጊታር፣ ፒያኖና ስትሪንግስ ከላዩ ላይ ገብቶበታል። የአባትህን ድምፃዊ ድምፅ በአዲስ ቅንብር ልታስገባ ከፈለግክ መንገዱ ይኸው ነው። የድሮውን ማሲንቆ በአዲስ ማሲንቆ፣ በዚያው ዜማ፣ ሸፍነው። ከድምፁ ጋር የተጣበቀው ቅሪት ከአዲሱ ጋር አንድ ይሆናል። በክራር ወይም በኪቦርድ ከሸፈንከው ግን ቅሪቱ ለብቻው ተንጠልጥሎ ይሰማል።

ስለ ተቀባዮቹም ልንገርህ፣ ዘፈንህ ላይ ካሉ። ለፕሮግራሙ ሰው ሰው ነው። መሪ ድምፃዊና ተቀባይ አይለይም፣ ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ይወስዳቸዋል። ስለዚህ `no_vocals.wav` ላይ ተቀባዮቹም አይኖሩም፣ ሰርጉ ላይ ብቻህን ትቀራለህ። Ultimate Vocal Remover ውስጥ ካራኦኬ የሚል ስም ያላቸው ሞዴሎች አሉ፣ መሪውን አውጥተው ተቀባዮቹን ሙዚቃው ላይ ለመተው የተሠሩ። መሪው መሀል፣ ተቀባዮቹ ግራና ቀኝ በተበተኑበት ዘፈን ላይ ደህና ናቸው። ሞኖ ካሴት ላይ ብዙ አትጠብቅ። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነበር። ተቀባዮቹ ለብቻቸው በሚመልሱበት ቦታ መሪው ስለሌለ ዋናውን ካሴት መልሼ አስገባሁ። አብረው በሚሉበት ቦታ ግን አልሆነም፣ እዚያ ላይ የቤተሰቡ ልጆች ራሳቸው እንዲቀበሉ ነገርኳቸው። እልልታ ካለም አዳምጠው፣ ግማሹ ድምፅ ፋይሉ ላይ፣ ግማሹ ሙዚቃው ላይ ሆኖ ተሸራርፎ ታገኘዋለህ። እሱን ለማዳን አትድከም፣ ሰርግ ቤት እልልታ አይጠፋም።

ቃናውን በተመለከተ፣ የድሮ ካሴት ሁልጊዜ በትክክለኛው ፍጥነት አይዞርም። ኪቦርድህ ካልገጠመህ የተበላሸው ጆሮህ አይደለም፣ ቴፑ ነው። ከለየህ በኋላ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ ከኪቦርዱ ጋር አስማማው። ለድምፅህ ከፍ ካለብህ ቃናውን ብቻ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ግማሽ ድምፅ በላይ አትሂድ። ማሲንቆ ሲለጠጥ ቶሎ ያስታውቃል፣ የፕላስቲክ ድምፅ ይሰጣል። ይህንንም ከመለየት በፊት ሳይሆን በኋላ አድርገው፣ ፕሮግራሙ ያልተነካካ ድምፅ ሲሰጠው ነው የሚሻለው።

ሌላው፣ ይህን ሠርተህ የሰርጉን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ከጫንከው ድምፃዊውን ስላወጣህ አይታወቅም ብለህ አታስብ። ሙዚቃው ራሱ ስለሚታወቅ የመብት ጥያቄ ሊመጣብህ ይችላል። ቤተሰብ ውስጥ ለመዝፈን ሌላ ነው፣ ለማውጣት ከሆነ ባለመብቶቹን ጠይቅ።

በመጨረሻ አዳራሹ። የስልክ ስፒከር ላይ የማይሰማ ጥላና ፍልቅልቅታ ትልቅ ስፒከር ላይ ይወጣል፣ በተለይ አንተ ሳትዘፍን በምትቆይባቸው ሁለት ሦስት ሰከንዶች። ስለዚህ ከሰርጉ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ፋይሉን የአዳራሹን ድምፅ ለሚሠራው ልጅ ስጠው፣ በዌቭ እንጂ በቴሌግራም ተጨምቆ አይሁን። ማይክህን ይዘህ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፍንበት። ጥላው የሚያስቸግርህ ቦታ ካገኘህ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጻፈው፣ ቤት ተመልሰህ ሙዚቃውን እዚያ ቦታ ላይ ብቻ በ4 ወይም በ5 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው። እኔ ካሴቱ ላይ እንዲህ ያረምኩት ሦስት ቦታ ብቻ ነው።

የትኛው ቦታ ላይ እንዳስቸገረህ የማታውቀው ከሆነ 20 ሰከንድ ያህል ቆርጠህ ከዋናው ጋር ላክልኝ፣ አዳምጬ የጅራት ችግር ይሁን የማሲንቆ እነግርሃለሁ።